ከ32,767 ቀጥሎ

በአዲስ አበባ ሦስት መደብር ያለው አንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ እናስብ። ሦስቱም መደብሮች የሚሸጡት በአንድ ሰርቨር ላይ በተቀመጠ የሽያጭ ፕሮግራም ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የአንደኛው መደብር ካሸር የብረትና የሲሚንቶ ሽያጭ መዝግባ ስታበቃ ፕሮግራሙ ደረሰኙን አልቆርጥም ይላል። ደግማ ትሞክራለች፤ ያው ነው። ሌሎቹ መደብሮች ጋ ስትደውል እነሱም በዚያው ሰዓት ቆመዋል። ውጭ ጭነት የሚጠብቅ መኪና አለ። ለደንበኛው የሚነገረውም ሁሉም ሰው የለመደው መልስ ነው፦ «ሲስተም የለም»።

ሲስተሙ ግን አለ። የትናንቱ ደረሰኝ ሲፈለግ ይወጣል፤ የመጋዘኑ ቀሪ ዕቃ ይታያል፤ የደንበኞች ዕዳ ዝርዝር ይታተማል፤ አዲስ ደንበኛም መመዝገብ ይቻላል። እምቢ ያለው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ አዲስ ደረሰኝ መቁረጥ። ኔትወርክ ቢቋረጥ ወይም የሰርቨሩ ዲስክ ቢሞላ ኖሮ ችግሩ እንዲህ አንድ ቦታ ብቻ አይወሰንም ነበር። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራትም ለውጥ አያመጣም። እዚህ ላይ ጉዳዩ የገባው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በመጨረሻ የተቆረጠው ደረሰኝ ቁጥሩ ስንት ነው? መልሱ 32,767 ከሆነ ምርመራው ከሞላ ጎደል አልቋል።

ይህ ቁጥር የመጣው ዳታቤዙ ቁጥር ከሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። አንድ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ ለእያንዳንዱ ዓምድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚቀመጥበትና ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ይወሰንለታል። ስሞልኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ሁለት ባይት፣ ማለትም 16 ቢት ይይዛል። እያንዳንዱ ቢት ዜሮ ወይም አንድ ስለሆነ አሥራ ስድስቱ ተሰባጥረው ሊፈጥሩ የሚችሉት 65,536 የተለያየ ቅርጽ ነው። ግማሹ ከዜሮ በታች ላሉት ቁጥሮች ይሄዳል፤ የቀረው ግማሽ ዜሮን ጨምሮ ወደ ላይ ላሉት ይውላል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር 32,767 ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን ቁጥር በዚያ ዓምድ ውስጥ መጻፊያ መንገድ የለም። ጥራዙ ያለቀበት ካሸር ሌላ ጥራዝ ያመጣል፤ ዳታቤዙ ግን ቀጣዩን ጥራዝ ከየት እንደሚያመጣ የነገረው ሰው የለም።

የእኛ አከፋፋይ በቀን በአማካይ 45 ደረሰኝ ይቆርጣል እንበል። በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንወስድ 13,500 ደረሰኝ ይሆናል። ፕሮግራሙ በመስከረም ወር ከቁጥር 1 ከጀመረ በሁለት ዓመት 27,000 ይደርሳል። የቀረውን 5,767 ለመጨረስ ደግሞ 128 የሥራ ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚፈነዳው በሦስተኛው ዓመት የካቲት ግድም ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ሥራውን አስረክቦ፣ የዋስትና ጊዜው አልፎ፣ ስልኩም ምናልባት ተቀይሮ በሚገኝበት ጊዜ ማለት ነው። ሲሞከር የነበረው በአምስትና በአሥር ደረሰኝ ስለነበር በሙከራ ወቅት ማንም ሊያየው አይችልም ነበር።

በዚህ ምርጫ የተቆጠበው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ምን ያህል የማያዋጣ እንደነበር የሚያሳየው ይህ ስሌት ነውና። ኢንት የሚባለው ዓይነት አራት ባይት ይይዛል፤ ልዩነቱ በአንድ ደረሰኝ ሁለት ባይት ነው። ለ32,767 ደረሰኝ ጠቅላላ ቁጠባው 64 ኪሎባይት ያህል ነው። በስልክ የተነሳች አንዲት ፎቶ እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ኢንት ቢመረጥ ኖሮ ጣሪያው 2,147,483,647 ይሆን ነበር፤ ይህ ድርጅት በዚህ ፍጥነት እዚያ ለመድረስ ከ159,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ ቆሞ ቢጠብቀን ጥሩ ነበር። ነገር ግን በእኔ አስተያየት ከመቆሙ የሚከፋው አለመቆሙ ነው። በአገራችን ትንንሽ ድርጅቶች ዘንድ በብዛት ከሚገኙት ዳታቤዞች አንዱ የሆነውን ማይኤስኪውኤልን እንውሰድ። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ፈልጎ አንድ ይደምርበታል፤ ውጤቱን 32,768ን ወደ ዓምዱ ይልካል። ዳታቤዙ ጥብቅ በሚባለው ሁኔታ ላይ ከሆነ መልሱ የማያሻማ ነው፦

```
ERROR 1264 (22003): Out of range value for column 'invoice_no' at row 1
```

ቁጥሩ ለዓምዱ ከተፈቀደው ልክ ውጭ ነው ይላል፤ የዓምዱንም ስም ይጠራል። ይህን ያነበበ ባለሙያ ብዙ አይንከራተትም። ይህ ጥብቅነት ሳይጠየቅ እንዲሠራ የተደረገው ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከ5.7ኛው ዕትም ጀምሮ ነው። አሮጌ ሰርቨር ላይ፣ ወይም አሮጌ ፕሮግራም እንዳይሰናከል ተብሎ ጥብቅነቱ እንዲጠፋ በተደረገበት ሰርቨር ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዳታቤዙ 32,768ን ሲቀበል እምቢ አይልም፤ ለዓምዱ እንዲስማማ ወደ 32,767 ዝቅ ያደርገውና ለመጻፍ ይሞክራል። ዓምዱ ላይ «ቁጥር አይደገም» የሚል ገደብ ካለ ገደቡ ያስቆመዋል፤ መልእክቱ ግን ስለ ልክ ማለፍ አንድም ቃል አይናገርም፦

```
ERROR 1062 (23000): Duplicate entry '32767' for key 'invoice_no'
```

ይህን ያነበበ ሰው የተደገመ ደረሰኝ ፍለጋ ይነሳል። በዚህ ፍለጋ ከሚሠሩት ጥፋቶች ሁሉ የሚያሳዝነው የመጨረሻውን ደረሰኝ መሰረዝ ነው፤ ምክንያቱም ሲሰረዝ ይሠራል። 32,767 ከጠፋ ትልቁ ቁጥር 32,766 ስለሚሆን ቀጣዩ ደረሰኝ ያለ ችግር ይቆረጣል። ባለሙያው ተደስቶ ይሄዳል። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ጋ ፕሮግራሙ ዳግመኛ ይቆማል። በዚህ መሀል ደንበኛ እጅ የገባ ሕጋዊ ደረሰኝ ከመዝገብ ጠፍቷል፤ በዚያው ቁጥርም ለሌላ ሰው ሌላ ሽያጭ ተመዝግቧል።

የትናንቱን ባካፕ መመለስም እንዲሁ ያታልላል። ቁጥሩ ወደ 32,722 ይመለሳል፤ መደብሮቹም ሥራ ይጀምራሉ። 45 ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ከዚያ በዚያችው ቁጥር ላይ ይቆማል። እነዚያ 45 ቁጥሮች ግን ቀድሞ ተቆርጠው በደንበኞች እጅ ያሉ ናቸው። አሁን ለእያንዳንዳቸው ሁለት ወረቀትና አንድ መዝገብ አለ ማለት ነው።

እንዳይደገም የሚከለክለው ገደብ ጭራሹን ከሌለስ? ያኔ ምንም አይቆምም። ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ 32,767 ስለሆነ ቀጣዩ ሁልጊዜ 32,768 ይሆናል፤ ሁልጊዜም ወደ 32,767 ዝቅ ይላል። ካሸሮቹ መሸጣቸውን ይቀጥላሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የወጣ ደረሰኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ይይዛል። ወሩ ሲዘጋ ሒሳብ ሠራተኛው አንድ ደረሰኝ ላይ የመቶዎች ሰዎች ዕቃ ተከምሮ ያገኛል። የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ ለመለየት የቀረው መንገድ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በደንበኞች እጅ ያለውን ወረቀት ማመሳከር ብቻ ነው።

የደረሰኝ ቁጥር ከሌላው ቁጥር የሚለየው በዚህ ነው። ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ መለያ ቁጥር ቢዘል ወይም ቢቀየር የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። የደረሰኝ ቁጥር ግን ታትሞ ከቤት ይወጣል፤ በገዢው መዝገብ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ በኦዲተር ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ በ226ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ደረሰኝ ተከታታይና ብቻውን የሚለየው ቁጥር እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ቁጥሩ ከአንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ተከታታዮች ሊወሰድ እንደሚችልም ይፈቅዳል። በአገራችን ደግሞ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በወረቀቱ ላይ «FS No.» ብሎ የሚያትመው የራሱ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ከፕሮግራሙ ቁጥር የተለየ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲቆም ሽያጩን በቀጥታ በማሽኑ መምታት የሚቻልበት ጊዜ ይኖራል። መደብሩን ለሰዓታት ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን ያን ጊዜ የተመታው ሁሉ በእጅ ተጽፎ ካልተያዘና ፕሮግራሙ ሲነሳ ካልገባ፣ የማሽኑና የመጋዘኑ መዝገብ ከዚያን ቀን ጀምሮ አይገጥሙም።

ስለዚህ ዓምዱ ይስፋ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፦

```sql
ALTER TABLE invoices MODIFY invoice_no INT NOT NULL;
```

ባካፕ ከተወሰደ በኋላ ሦስቱም መደብሮች እንዲወጡ ተደርጎ ይህ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ ሠላሳ ሁለት ሺህ ረድፍ ላለው ሠንጠረዥ የሚፈጀው ጊዜ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፤ ማይኤስኪውኤል በዚህ ትእዛዝ ዓምዱን እንደ አዲስ ስለሚገልጸው ቀድሞ የነበሩት ባሕርያት፣ ለምሳሌ `NOT NULL` ወይም `AUTO_INCREMENT`፣ በድጋሚ ካልተጻፉ ይጠፋሉ። ካሸሯ ትሞክራለች፤ 32,768 ይወጣል። ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል የሚጀምረው እዚህ ነው። የደረሰኝ ቁጥር በተወለደበት ሠንጠረዥ አይቀርም። የዱቤ ክፍያ ሲመጣ የክፍያው ሠንጠረዥ «ይህ ገንዘብ የየትኛው ደረሰኝ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቁጥሩን ይቀዳል። ዕቃ ሲመለስ የተመላሽ ሠንጠረዡ ይቀዳል። መጋዘኑ ዕቃ ሲያወጣ ይቀዳል። ዋናውን ዓምድ ስሞልኢንት ያደረገ ባለሙያ እነዚህንም ስሞልኢንት ማድረጉ የሚጠበቅ ነው፤ ያለዚያ አይገጥሙለትም ነበርና።

በሠንጠረዦቹ መካከል የውጭ ቁልፍ የሚባለው ግንኙነት ከታወጀ ዕድለኞች ነን። ማይኤስኪውኤል የአንዱን ዓይነት ለብቻው ለመቀየር እምቢ ብሎ የግንኙነቱን ስም ይነግረናል፤ ግንኙነቱን አንስተን ሁለቱንም አስፍተን መልሰን እናውጃለን። ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ግን ይህን ግንኙነት አያውጁም፤ ቁጥሩን ብቻ ቀድተው ይተዉታል። የእኛ አከፋፋይ የሠላሳ ቀን ዱቤ የሚሰጥ ከሆነ ጥፋቱ ለአንድ ወር ያህል ተኝቶ ይቆያል። በየካቲት የተስተካከለው ነገር በመጋቢት፣ የደረሰኝ 32,768 ባለዕዳ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ፣ በክፍያ መስኮት ይነሳል። ሰርቨሩ ጥብቅ ካልሆነ ደግሞ አይነሳም፤ የሁሉም አዲስ ባለዕዳ ክፍያ በደረሰኝ 32,767 ስም ይገባል። ያ አንድ ደንበኛ ከዕዳው በላይ ሲከፍል፣ ሌሎቹ ከፍለው ሳለ ባለዕዳ ሆነው ይቀራሉ።

ይህ በታወቀ ድረ ገጽ ላይም ደርሷል። ስላሽዶት የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና ገጽ በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ. የአንባቢዎች አስተያየት ቁጥሩ 16,777,216 ሲደርስ ተሰናከለ። ይህ በሦስት ባይት የሚቀመጠው፣ ከዜሮ በታች ቁጥር የማይይዘው ሚዲየምኢንት ከሚችለው በአንድ ያለፈ ቁጥር ነው። የገጹ ሠራተኞች አደጋውን ከዓመታት በፊት አይተው የአስተያየቶቹን ዋና መለያ ወደ አራት ባይት አስፍተውት ነበር። የረሱት አንድ ዓምድ ነበር፤ አንድ አስተያየት ለየትኛው አስተያየት መልስ እንደሆነ የሚመዘግበውን። ለማስፋት ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያን ጊዜም ማንም መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ አስተያየቶች ከወላጆቻቸው ጋር ሳይያያዙ እንዲታዩ አደረጉ። የእኛ የክፍያ ሠንጠረዥ ያለበት ቦታ ልክ ይህ ነው።

ጠባብ ዓምዶችን ለማግኘት በስም መፈለግ አይበቃም፤ ቁጥሩ አንድ ቦታ `invoice_no`፣ ሌላ ቦታ `ref` ተብሎ ሊጠራ ይችላል። በዓይነት መፈለግ ይሻላል፦

```sql
SELECT table_name, column_name, column_type
FROM information_schema.columns
WHERE table_schema = DATABASE()
  AND data_type IN ('tinyint','smallint','mediumint');
```

ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም አብዛኛው ችግር የለውም። የወር ቁጥር ከ12 አያልፍም፤ የመደብር ቁጥርም ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ መጠየቅ ያለበት «ይህ እየቆጠረ የሚሄድ ነው ወይስ በተፈጥሮው የተገደበ?» የሚለው ነው። ሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጡ ፕሮሲጀሮችም በዚህ ፍለጋ አይወጡም፤ የራሳቸውን ስሞልኢንት ተለዋዋጭ አውጀው ሊሆን ስለሚችል ጽሑፋቸው ተከፍቶ መነበብ አለበት።

ከሰርቨሩ ውጭም አለ። በመደብሩ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራም በቪዥዋል ቤዚክ 6 ወይም በአክሰስ የተሠራ ከሆነ `Integer` ብሎ የሚያውጀው ተለዋዋጭ ሁለት ባይት ብቻ ነው፤ አራት ባይት የሚይዘው `Long` ነው። ሰርቨሩ ሰፍቶ 32,768ን በትክክል ቢልክለትም ፕሮግራሙ ቁጥሩን ሲቀበል እንዲህ ብሎ ይወድቃል፦

```
Run-time error '6': Overflow
```

መልእክቱ የተለየ ነው፤ የመጣውም ከሌላ ማሽን ነው። ሦስቱ መደብሮች እኩል የታደሰ ፕሮግራም ከሌላቸው አንዱ እየሠራ ሌላው ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ጥርጣሬው ወደ ኔትወርክ ይዞራል። በጃቫ `short` ተብሎ ወደታወጀ ተለዋዋጭ በካስት የገባ ቁጥር ደግሞ ፕሮግራሙን አይጥለውም፤ ቁጥሩ ተገልብጦ −32,768 ይሆናል። ደረሰኝ ላይ የመቀነስ ምልክት ያየ ሰው የት እንደሚፈልግ ይህ ይነግረዋል።

ሁሉም የቁጥር መቆም ከባይት የመጣ አይደለም። 127፣ 255፣ 32,767፣ 65,535፣ 16,777,215 እና 2,147,483,647 የዓይነት ጣሪያዎች ናቸው። 9,999 ወይም 99,999 ላይ የቆመ ቁጥር ግን የሰው እጅ ያለበት ነው፤ አንድ ሰው ለማተሚያው ወይም ለፋይሉ አራት ወይም አምስት አኃዝ ብቻ መድቧል ማለት ነው። ዓምዱን ማስፋት ለዚህ አይረዳም።

ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ትልቁ ቁጥር ከ32,767 ይቀነሳል፤ የቀረው ለዕለቱ አማካይ ይካፈላል። መታየት ያለበት ትልቁ ቁጥር እንጂ የረድፎቹ ብዛት አይደለም፤ በመሀል የተዘለሉ ቁጥሮችም ቦታ ይበላሉና። 28,000 ላይ የደረሰ አከፋፋይ 4,767 ይቀረዋል፤ በቀን 45 ከሆነ 106 የሥራ ቀን ነው። አራተኛ መደብር ከፍቶ በቀን 60 ሲቆርጥ ግን ወደ 79 ይወርዳል። አማካዩ ራሱ የሚዋዥቅ መሆኑን ኮምኤር የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በከባድ ዋጋ ተምሮታል። የበረራ ሠራተኞቹን የሚመድብበት ሥርዓት በወር ከ32,000 በላይ ለውጥ መያዝ አይችልም ነበር። በታኅሣሥ 2004 እ.ኤ.አ. የክረምት ማዕበል በረራዎቹን ደጋግሞ ሲያዛባ ለውጡ ከተለመደው እጅግ በዛ፤ ሥርዓቱ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ቆመ፤ በማግስቱ 1,100 ያህል በረራዎች ተሰረዙ። ለሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ እንዲህ ያለው ወቅት ዝናቡ አቁሞ ግንባታ የሚጧጧፍበት ወር ነው፤ ስሌቱም በዚያ ወር አማካይ ቢሠራ ይመረጣል።

ማስፋቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ያለው ሙከራ አጭር ነው፤ የሚሠራውም በዋናው ሳይሆን በተቀዳ ዳታቤዝ ላይ ነው። ቁጥሩ 32,768 እና 40,000 የሆኑ ሁለት የሙከራ ደረሰኞች ይገቡና እስከ መጨረሻ ክትትል ይደረግባቸዋል፦ በሦስቱም መደብር ይከፈታሉ፤ ግማሽ ክፍያ ይመዘገብባቸዋል፤ አንድ ዕቃ ይመለስባቸዋል፤ ከመጋዘን ይወጣባቸዋል፤ ይታተማሉ፤ ለሒሳብ ሠራተኛው በሚላከው ፋይል ውስጥ ይፈለጋሉ። ሦስተኛ ደረሰኝ በ100,000 ቢጨመር ደግሞ ለአምስት አኃዝ ብቻ የተለካ የማተሚያ ቦታ ካለ፣ ወይም ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ደርድሮ 100,000ን ከ99,999 በፊት የሚያስቀምጥ ሪፖርት ካለ፣ ያን ጊዜውኑ ይታያል።